የገጠር ውሃ ተቋም በጀት፡ የግንባታ ወጪና የጥገና ፈንድ አሰላል

በእጅ ተቆፍሮ ፓምፕ የሚገጠምለት የገጠር የመጠጥ ውሃ ጉድጓድ በጀት በሁለት ተለይቶ ይዘጋጃል። የመጀመሪያው ተቋሙን ለመገንባት የሚያስፈልገው ወጪ ሲሆን፣ ሁለተኛው ተቋሙ ከተመረቀ በኋላ አገልግሎቱ እንዳይቋረጥ በየዓመቱ የሚጠየቀው ወጪ ነው። የመጀመሪያው ተሟልቶ ሁለተኛው ሳይሰላ የተጀመረ ጉድጓድ ጥቂት ዓመታት ካገለገለ በኋላ በመለዋወጫ እጦት ሊቆምና ነዋሪዎቹን ወደ ወንዝ ውሃ ሊመልሳቸው ይችላል።

በአማራ ክልል በፊንላንድ መንግሥት ድጋፍ እ.ኤ.አ በ2003 በተጀመረው አሠራር የግንባታው ገንዘብ በቀጥታ ለኅብረተሰቡ ይተላለፍ ነበር። የውሃ ኮሚቴው በወቅቱ የአማራ ብድርና ቁጠባ ተቋም፣ በኋላም ፀደይ ባንክ በተባለው ድርጅት በኩል ገንዘቡን እየተቀበለ ዕቃ ይገዛል፤ ግንበኛም ይቀጥራል። በዚህ አሠራር በጀቱን የሚያስተዳድረው ኮሚቴው ራሱ በመሆኑ የእያንዳንዱን ወጪ ምንነት ማወቅ ይኖርበታል።

የግንባታው ወጪ

ለስሌት እንዲያመች 50 አባወራዎችና እማወራዎች የሚገለገሉበት አንድ ጉድጓድ በ200 ሺህ ብር ይገነባል ተብሎ ይወሰድ። ከዚህ ውስጥ 40 ሺህ ብሩ ለፓምፑና ለቧንቧው፣ 70 ሺህ ብሩ ለሲሚንቶ፣ ለብረትና ለሌሎች ዕቃዎች፣ 40 ሺህ ብሩ ለግንበኛና ለፓምፕ ገጣሚ፣ 20 ሺህ ብሩ ደግሞ ለማጓጓዣ ይውላል። ቀሪው 30 ሺህ ብር፣ ማለትም የጠቅላላው ወጪ 15 በመቶ፣ የኅብረተሰቡ አስተዋጽኦ ነው።

ይህ አስተዋጽኦ በጉልበትና በቁሳቁስ ይሸፈናል። እያንዳንዱ ቤተሰብ ለቁፋሮ አምስት ቀን ቢሠራ በድምሩ 250 የሥራ ቀን ይሆናል። የቀኑ ሥራ በ80 ብር ሲተመን 20 ሺህ ብር፣ ነዋሪዎቹ የሚያቀርቡት ድንጋይና አሸዋ ሲጨመር ደግሞ 30 ሺህ ብር ይሞላል። የቀን ሥራው በየዕለቱ በስም ካልተመዘገበ ማን ምን ያህል እንደሠራ ለማወቅ ስለሚያዳግት በነዋሪዎች መካከል ቅሬታ ያስነሳል።

የጉልበት አስተዋጽኦ በሰነዱ ላይ በብር ቢገለጽም በእጅ ያለ ገንዘብ አይደለም። የሲሚንቶ ዋጋ ቢጨምር ጉድለቱን በቁፋሮ መሙላት አይቻልም። በመሆኑም ለዋጋ ጭማሪ የሚያዘው መጠባበቂያ በጥሬ ገንዘብ በሚከፈለው 170 ሺህ ብር ላይ ይሰላል፤ አሥር በመቶ ቢያዝ 17 ሺህ ብር ይሆናል ማለት ነው።

የጥገና ፈንዱ

ወርሃዊ መዋጮ ብዙውን ጊዜ ነዋሪው ይከፍላል ተብሎ በሚገመተው መጠን ይወሰናል። ትክክለኛው ቅደም ተከተል ግን ከወጪው መነሳት ነው። በዚሁ ምሳሌ ለጥበቃ በወር 200 ብር ሲከፈል በዓመት 2 ሺህ 400 ብር ይወጣል። በየጊዜው ለሚያልቁ የጎማና የፕላስቲክ መለዋወጫዎች 1 ሺህ 500 ብር ይያዛል። 40 ሺህ ብር የተገዛው ፓምፕ ከአሥር ዓመት በኋላ እንዲተካ ከተፈለገ በዓመት 4 ሺህ ብር ማስቀመጥ ይገባል። ድምሩ 7 ሺህ 900 ብር ሲሆን፣ ለ50 ቤተሰብ ሲካፈል በወር ከ13 ብር በላይ ይደርሳል።

መዋጮው አሥር ብር ብቻ ቢሆን በዓመት 6 ሺህ ብር ይሰበሰባል። ጥበቃና መለዋወጫ ሲቀነሱ የሚተርፈው 2 ሺህ 100 ብር በመሆኑ፣ በአሥር ዓመት የሚጠራቀመው የፓምፑን ዋጋ ግማሽ ያህል ብቻ ነው። በየዓመቱ በቁጠባ ደብተሩ ላይ ገንዘብ እየጨመረ ስለሚታይ ጉድለቱ ለኮሚቴው አይታወቀውም። አቅም የሌላቸው አሥር ቤተሰቦች ከክፍያ ነጻ ቢደረጉ የቀሪዎቹ 40 ቤተሰቦች ድርሻ በወር ወደ 16 ብር ተኩል ከፍ ይላል። የዕቃ ዋጋ ስለሚለዋወጥም ስሌቱ በየዓመቱ በወቅቱ የገበያ ዋጋ መታደስ ይኖርበታል።

ፈንዱን ለመጠቀም ፓምፑ እስኪቆም መጠበቅ አያስፈልግም። አፍሪዴቭ የተሰኘው ፓምፕ በመንደር ደረጃ እንዲጠገን ታስቦ የተሠራ ነው። ሲያድር ውሃው ወደ ታች ወርዶ ጠዋት ብዙ ከተገፋ በኋላ ብቻ የሚመጣ ከሆነ የታችኛው ቫልቭ ወይም ቧንቧው እንደሚያፈስ ያመለክታል። በእያንዳንዱ ግፊት የሚወጣው ውሃ እየቀነሰ ከሄደ ደግሞ የፒስተኑ ጎማ ማለቁ ይጠረጠራል። ጎማውን መቀየር አነስተኛ ወጪ ነው፤ ቢሆንም ዕቃው ተገዝቶ በቀበሌው ካልተቀመጠ ጉድጓዱ መለዋወጫ እስኪመጣ ለሳምንታት ሥራ ሊፈታ ይችላል።