የሌሊት ፈረቃ ሰዓት ሲቀየር ቀኑም ይቀየራል

በኢትዮጵያም ሆነ በስዋሂሊ ተናጋሪዎች ልማድ ሰዓት የሚቆጠረው ከንጋት ነው። የቀን ፈረቃን በ24 ሰዓት አቆጣጠር ለመጻፍ 6 ይደመራል፤ ለምሽትና ለሌሊት 18 ይደመርና ድምሩ 24 ከሞላ ወይም ካለፈ 24 ይቀነሳል። የንጋቱ 12 ሰዓት ከሌሊቱ፣ የምሽቱ 12 ሰዓት ከቀኑ ጋር ይሰላል።

አሳሳቹ ግን ቀኑ ነው። ሰኞ ከምሽቱ 2 ሰዓት ገብቶ ከሌሊቱ 8 ሰዓት የሚወጣ የጥበቃ ሠራተኛ መግቢያው ሰኞ 20:00 ነው። መውጫው 8 ሲደመር 18፣ 26 ይሆናል፤ 24 ሲቀነስለት 02:00፣ ቀኑም ማክሰኞ ነው። በልማድ «ሰኞ ሌሊት» ስለሚባል «ሰኞ 02:00» ተብሎ ከተጻፈ መውጫው ከመግቢያው 18 ሰዓት ይቀድማል፤ ተረካቢውም አንድ ቀን ቀድሞ ይመጣል። «ለማክሰኞ አጥቢያ ከሌሊቱ 8 ሰዓት» የሚለው የቆየ አነጋገር ይህን ብዥታ ስለሚያጠራ፣ ከቁጥሩ ጎን ቢጻፍ ይመረጣል።