ሁለት ንብረቶች ሲጣመሩ፦ ተዛምዶ ስጋትን የሚቀንሰው እስከ ምን ድረስ ነው?

እ.ኤ.አ. በ1952 የ24 ዓመቱ ሃሪ ማርኮዊትዝ «ጆርናል ኦፍ ፋይናንስ» በተባለው መጽሔት ላይ አጭር ጥናት አሳተመ። በዘመኑ የነበረው ንድፈ ሐሳብ ባለሀብቱ ከፍተኛ ትርፍ የሚጠበቅበትን አክሲዮን እንዲመርጥ ይመክር ነበር። ማርኮዊትዝ ግን ይህ ምክር እስከ መጨረሻው ከተተገበረ ገንዘብን በሙሉ በአንድ አክሲዮን ላይ ወደ ማዋል እንደሚያደርስ አስተዋለ። አስተዋይ ሰው ደግሞ እንዲህ አያደርግም። ስለዚህ ከሚጠበቀው ትርፍ ጎን የስጋት መለኪያ አቆመ፤ እሱም መደበኛ ልይይት፣ ማለትም ትርፉ ከአማካዩ ወዲያና ወዲህ ምን ያህል እንደሚዋዥቅ የሚናገረው ቁጥር ነው።

ለስሌት ያህል አንድ የአክሲዮን ፈንድ በዓመት 9 በመቶ ትርፍ ይጠበቅበታል፣ መደበኛ ልይይቱም 18 በመቶ ነው እንበል። የቦንድ ፈንዱ ደግሞ 4 በመቶ ትርፍና 6 በመቶ ልይይት ይኑረው። አሜሪካውያን ቆጣቢዎች በሰፊው እንደሚያደርጉት 60 በመቶው ገንዘብ በአክሲዮን፣ 40 በመቶው በቦንድ ይዋል። የሚጠበቀው ትርፍ የሁለቱ ሚዛናዊ አማካይ ነው፦ 0.6 × 9 + 0.4 × 4 = 7 በመቶ። እዚህ ስሌት ውስጥ ተዛምዶ የሚባል ነገር የለም። ሁለቱ ፈንዶች አብረው ቢወጡና ቢወርዱም፣ በተቃራኒ ቢሄዱም የሚጠበቀው ትርፍ ያው 7 በመቶ ነው።

ስጋቱ ግን እንዲህ አይደመርም፦

σ² = w₁²σ₁² + w₂²σ₂² + 2w₁w₂ρσ₁σ₂

እዚህ w የእያንዳንዱ ንብረት ድርሻ፣ ρ ደግሞ ከ−1 እስከ +1 የሚደርሰው ተዛምዶ ነው። ቁጥሮቹ ሲገቡ የመጀመሪያዎቹ ሁለት ክፍሎች 116.64 እና 5.76 ይሆናሉ፤ ሦስተኛው 51.84 × ρ ነው። ρ = +1 ሲሆን ልይይቱ 13.2 በመቶ ይሆናል፤ ይህም የሁለቱ ልይይቶች ሚዛናዊ አማካይ ራሱ ስለሆነ ማጣመሩ ያቃለለው ስጋት የለም። ρ = −0.3 ሲሆን ወደ 10.3 በመቶ ይወርዳል። ትርፉ ሳይነካ ስጋቱ ቀነሰ ማለት ነው።

ከዚህ ይልቅ የሚያስገርመው በጣም ጠንቃቃ ለሆነው ቆጣቢ የሚገኘው ውጤት ነው። ገንዘቡን በሙሉ በቦንድ ያስቀመጠ ሰው 6 በመቶ ልይይት ይሸከማል። ρ = −0.3 ከሆነ 16 በመቶ ያህሉን ወደ አክሲዮን ቢያዛውር ልይይቱ ወደ 5 በመቶ ይወርዳል፣ የሚጠበቀው ትርፍም ወደ 4.8 ከፍ ይላል። በሦስት እጥፍ የሚዋዥቅ ንብረት ተጨምሮ ስጋቱ ቀለለ! ይህ የሚሆነው ተዛምዶው ከሁለቱ ልይይቶች ጥምርታ፣ ማለትም ከ6 ÷ 18 ወይም ከ0.33 ሲያንስ ብቻ ነው። ከዚያ ካለፈ በቦንዱ ላይ የሚጨመር አክሲዮን፣ ጥቂትም ቢሆን፣ ስጋትን ያበዛል። ተዛምዶው አሉታዊ መሆን ግድ አይደለም፤ ወሳኙ ይህ ድንበር ነው።

ችግሩ ρ ቋሚ አለመሆኑ ነው። እ.ኤ.አ. በ2008 የአሜሪካ ትላልቅ ኩባንያዎች ኢንዴክስ፣ ኤስ ኤንድ ፒ 500፣ የትርፍ ክፍፍልን ጨምሮ 37 በመቶ ሲወድቅ የአሜሪካ ቦንዶች ጥቅል ኢንዴክስ 5 በመቶ ያህል አተረፈ። የዚያን ጊዜው ድንጋጤ የመጣው ከኢኮኖሚው መዳከም ነበር፤ ወለድ ሲቀነስ የነባር ቦንዶች ዋጋ ወጣ። በ2022 ግን ምንጩ የዋጋ ንረት ሆነ። የአሜሪካ ማዕከላዊ ባንክ በዓመቱ መጀመሪያ ከዜሮ ብዙም ያልራቀውን የወለድ መጠን በታኅሣሥ ከ4 በመቶ በላይ አደረሰው። የወለዱ መናር ሁለቱንም በአንድ ላይ መታቸው፦ አክሲዮኑ 18፣ ቦንዱ 13 በመቶ ገደማ ወደቁ። የ60/40 ባለቤት 16 በመቶ ያህል ከሰረ። በዚያ ዓመት ቦንዱ መከታ ሊሆነው አልቻለም።

በ60 ወራት መረጃ የተገኘ −0.3 ራሱ የናሙና ስሕተቱ ሰፊ ነው፤ እውነተኛው ቁጥር ከ−0.5 እስከ ዜሮ አቅራቢያ ሊገኝ ይችላል። የባሰው ግን ግንኙነቱ ራሱ ሲለወጥ ነው። ይህን ለማየት በየወሩ የመጨረሻዎቹን 36 ወራት ተዛምዶ እንደገና ማስላትና መስመሩ ወዴት እያዘነበለ እንደሆነ መከታተል ይረዳል። ይህም ቢሆን ለውጡን የሚያሳየው ዘግይቶ ነው። ስለዚህ 60/40 የሚያዘጋጅ ሰው ስሌቱን በ−0.3 ብቻ ሳይሆን በ+0.5ም ይሥራው፤ ልይይቱ ከ10.3 ወደ 12.2 በመቶ ሲያድግ ያገኘዋል። ሁለተኛውን ቁጥር መሸከም የማይችል ከሆነ የአክሲዮኑን ድርሻ ገበያው ሳይናወጥ ይቀንስ።