የውሃ ተርባይን ፍጥነት ተቆጣጣሪ የማጉያ ወሰን፦ በራውዝ ሠንጠረዥ የተሠራ ስሌት

በአዋሽ ላይ የተሠራው የቆቃ ማመንጫ በ1960 እ.ኤ.አ. ሥራ ጀመረ። ከብሔራዊ መረብ ጋር ተያይዞ ሲሠራ የአንድ ተርባይን ፍጥነት ብቻውን ብዙም አይዋዥቅም። መሥመር ተቆርጦ አንድ ተርባይን ከቆቃ እስከ አዳሚ ቱሉ ያሉትን ከተሞች ብቻ ይዞ ቢቀር ግን ድግግሞሹን የሚጠብቀው የራሱ ፍጥነት ተቆጣጣሪ ነው። ጥያቄው ተቆጣጣሪው የፍጥነቱን ስሕተት በምን ያህል ያጉላ የሚል ነው።

ከታች ያሉት ቁጥሮች ለዚህ ዓይነት ማሽን የተለመዱ ናቸው እንጂ ከቆቃ መዝገብ የተወሰዱ አይደሉም። ፍጥነቱ በቀጥታ ተመልሶ ከሚፈለገው ጋር ሲነጻጸር የቀለበቱ የፊት መንገድ ይህ ነው፦

```
G(s) = K(1 − s) / [(1 + 0.2s)(1 + 0.5s)(1 + 8s)]
```

0.2 ሴኮንድ የውሃ በሩን የሚያንቀሳቅሰው ፒስተን መዘግየት፣ 8 ሴኮንድ ደግሞ የሚሽከረከረው አካል ግትርነት ነው። ችግሩ ያለው `1 − s` ላይ ነው። በሩ ሲከፈት በቧንቧው ውስጥ ያለው ውሃ ወዲያው አይፈጥንም፤ ግፊቱ ለጊዜው ስለሚወርድ ኃይሉ ከመጨመሩ በፊት ይቀንሳል። ይህ የውሃ ግትርነት ባይኖር ከእሱ የሚመጣው `1 + 0.5s`ም አብሮ ስለሚጠፋ እኩልታው ሁለተኛ ደረጃ ብቻ ይሆንና ማንኛውም አዎንታዊ `K` ያረጋጋው ነበር።

የተዘጋው ቀለበት ባሕርያዊ እኩልታ እንዲህ ይወጣል፦

```
0.8s³ + 5.7s² + (8.7 − K)s + (1 + K) = 0

s³ | 0.8                 8.7 − K
s² | 5.7                 1 + K
s¹ | (48.79 − 6.5K)/5.7  0
s⁰ | 1 + K
```

የመጀመሪያው ዓምድ ሁሉ አዎንታዊ እንዲሆን `−1 < K < 7.51` መሆን አለበት። ተቆጣጣሪው የሚሠራው በአዎንታዊ `K` ስለሆነ የሚያስጨንቀው የላይኛው ወሰን ነው። እዚህ ላይ ተማሪ በቀላሉ ይሳሳታል፤ ሁሉም ኮፊሸንቶች አዎንታዊ ሲሆኑ አይቶ እስከ 8.7 ይፈቀዳል ብሎ ይደመድማል። `K = 8` ይሁን፤ ኮፊሸንቶቹ 0.8፣ 5.7፣ 0.7 እና 9 ስለሆኑ እንከን አይታይባቸውም። በሠንጠረዡ ግን የ`s¹` ረድፍ −0.56 ይሆናል። ምልክቱ ሁለት ጊዜ ስለሚቀያየር ሁለት ሥሮች ወደ ቀኝ ተሻግረዋል ማለት ነው። በማሽኑ ላይ ይህ የሚታየው በአምስት ሴኮንድ ገደማ የሚመላለስ የፍጥነት ውዝዋዜ ሆኖ ነው፤ ስፋቱም በየሦስት ዙሩ ገደማ እጥፍ ይሆናል።

ልክ በወሰኑ ላይ የ`s¹` ረድፍ ዜሮ ይሆናል። ያን ጊዜ ከበላዩ ያለው ረድፍ `5.7s² + 8.51 = 0` የውዝዋዜውን ፍጥነት ይሰጣል፦ 1.22 ራዲያን በሴኮንድ፣ ማለትም 5.1 ሴኮንድ በዙር። መሐንዲሱ በመለኪያው ላይ ይህን ዙር ካየ ጥፋቱን ከሌላ ቦታ አይፈልግም።

ኤድዋርድ ራውዝ ዘዴውን ያቀረበው በ1877 ነው። አዶልፍ ሁርዊትዝ ደግሞ በ1895 በራሱ መንገድ ወደዚያው ውጤት ሲደርስ ጥያቄውን ያቀረበለት የተርባይን ምሁሩ አውሬል ስቶዶላ ነበር። ስለዚህ የሁርዊትዝ ሥራ ከመነሻው የተርባይን ጉዳይ ነው።

7.51 በተግባር ጠባብ ወሰን ነው። በመረብ ላይ የተለመደው የ5 በመቶ የፍጥነት ቅናሽ `K = 20` ማለት በመሆኑ በዚህ ሞዴል ለብቻው ለቀረ ተርባይን አይሆንም። ለዚህ ነው የውሃ ተርባይን ተቆጣጣሪዎች በፈጣን ለውጥ ጊዜ ማጉያውን ለጊዜው የሚቀንስ ክፍል የሚጨመርላቸው። ከዚህም ሌላ ሠንጠረዡ መርጋቱን እንጂ ቶሎ መርጋቱን አይነግርም፤ `K = 7` ተቀባይነት ቢኖረውም ውዝዋዜው የሚሞተው እጅግ በዝግታ ነው።

ወሰኑም ራሱ ቋሚ አይደለም። የውሃው ግትርነት ከፍሰቱ ጋር ያድጋል፤ የግድቡ ውሃ ሲወርድም ይብሳል። ከ1 ወደ 1.5 ሴኮንድ ሲያድግ የላይኛው ወሰን ወደ 5.3 ይወርዳል። በቀላል ጭነት የተመረጠ `K = 6` በሙሉ ጭነት ቀለበቱን ሊያናውጠው ስለሚችል፣ ስሌቱ የሚሠራው በትልቁ ፍሰትና በዝቅተኛው የግድቡ ውሃ ከፍታ ነው።