‘የፍቅር ቋንቋ’ ምንድን ነው? ጥንዶች ፍቅራቸውን በተለያየ መንገድ ሲገልጹስ?

አሜሪካዊው ፓስተርና የትዳር አማካሪ ጌሪ ቻፕማን እአአ በ1992 ባሳተሙት መጽሐፍ አምስት ‘የፍቅር ቋንቋዎች’ እንዳሉ ጽፈዋል። እነርሱም መልካም ቃል፣ አብሮ ጊዜ ማሳለፍ፣ ስጦታ፣ በሥራ ማገዝ እና አካላዊ ንክኪ ናቸው። በእርሳቸው እምነት እያንዳንዱ ሰው ከአምስቱ አንዱን ያስበልጣል።

ለሰሊጥ አጨዳ ወደ ፋሽጋና ገዳሪፍ እርሻዎች የተሻገረ አንድ የቀን ሠራተኛን እናስብ። ያገኘውን ገንዘብ ሳይነካ ለቤተሰቡ ይልካል፤ ስልክ ግን እምብዛም አይደውልም። ለእርሱ ገንዘቡ ራሱ ፍቅር ነው። ድንበሩ አካባቢ ውጊያ መኖሩን የምትሰማው ባለቤቱ ግን ዝምታውን እንደ መረሳት ትቆጥረዋለች።

በቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲዋ ተመራማሪ ኤሚሊ ኢምፔትና ባልደረቦቿ እአአ በ2024 የታተመ የጥናቶች ግምገማ ግን ለቻፕማን ሐሳብ ጠንካራ ማስረጃ አላገኘም። ሰዎች አንዱን መርጠው ሌላውን አይተዉም፤ አምስቱንም ይፈልጋሉ። ተመራማሪዎቹ ፍቅርን ያመሳሰሉት ከተመጣጠነ ምግብ ጋር ነው፤ አንዱ የሌላውን ጉድለት አይሞላም።

ስለዚህ ሚስት “አትወደኝም” ከማለት ይልቅ “እሁድ ማታ አሥር ደቂቃ ደውልልኝ” ብትል ባል ምን ማድረግ እንዳለበት ያውቃል። በተላከው ገንዘብ ለልጆቹ ደብተር መግዛቷን ስትነግረው ደግሞ ድካሙ እንደታየለት ይረዳል። ከወር በኋላም የተስማሙበት መፈጸሙን አብረው ማየት ይችላሉ።

ይሁንና ስድብ፣ ድብደባ ወይም ገንዘብን ለመቆጣጠሪያነት መጠቀም የቋንቋ ልዩነት ሳይሆን ጥቃት ነው።