የሠርግ ቀለም አመራረጥ (በወለጋ)

የሠርግ ቀለም መምረጥ ማለት የሙሽራዋ ልብስ፣ የሚዜዎች አለባበስና የድንኳኑ ዲኮር አንድ ሆነው እንዲታዩ ቀለማትን አስቀድሞ መወሰን ነው። በምሥራቅ ወለጋ፣ በነቀምቴም ሆነ በኪራሙ፣ ለባህል ልብስ የተለመደው መነሻ የኦሮሞ ጥቁር፣ ቀይና ነጭ ነው።

ምርጫው የሚጀምረው ከሙሽራዋ ልብስ ጥለት ነው፤ ጥለቱ አንዴ ከተሸመነ አይለወጥም፣ የሚዜ ልብስና የዲኮር ጨርቅ ግን ሊመረጥ ይችላል። ሦስቱም ቀለማት እኩል ቦታ ከያዙ ዓይን ማረፊያ ያጣል። ስለዚህ አንዱ ይሰፋል፣ ሁለተኛው ይደግፈዋል፣ ሦስተኛው በጥቂቱ ይገባል። ለምሳሌ የሙሽራዋ ቀሚስ ነጭ፣ ጥለቱ ቀይና ጥቁር ቢሆን፣ ሴት ሚዜዎች ቀይ ይለብሳሉ፤ ወንዶቹ ጥቁር ሱፍ ከቀይ ከረባት ጋር ያደርጋሉ። መድረኩ በነጭ ጨርቅ ይሸፈንና ቀይ አበባ ይደረግበታል፤ ጥቁሩ በጠርዝ ብቻ ይታያል።

ስህተት የሚበዛው በነጩ ላይ ነው። በእጅ የተፈተለ ጥጥ ወደ ክሬም ያደላል፤ የፋብሪካ ጨርቅ ግን ብዙውን ጊዜ ወደ ሰማያዊ የሚያደላ ደማቅ ነጭ ነው። ሁለቱ ጎን ለጎን ሲቆሙ የሀገር ልብሱ ያደፈ ይመስላል። መፍትሔው የመድረኩን ጨርቅ ክሬም ማድረግ ነው።

ቀዩም በስልክ ፎቶ አይመረጥም። ከጥለቱ የተረፈ ክር ይዞ ሱቅ ሄዶ፣ ከጨርቁ ጋር በደጅ ብርሃን ማስተያየት ይገባል። የሚዜዎቹ ሁሉ ልብስ ከአንድ ጣቃ ይቆረጥ፤ በተለያየ ጊዜ የተነከረ ቀይ ይለያያልና። ሰማያዊ ሸራ ያለው ድንኳን ቀዩን ስለሚያጠቁረው፣ ከውስጥ በክሬም ጨርቅ ይሸፈናል።