ከካፌ ውጭ በሚመገቡ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ላይ የሚታይ የክብደት መጨመር

ከቤተሰብ ርቀው የሚማሩና በተለምዶ «ነን ካፌ» የሚባሉ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች የምግብ ወጪያቸውን በጥሬ ገንዘብ ተቀብለው በግቢው ዙሪያ ከሚገኙ ምግብ ቤቶች ይመገባሉ፤ ቤት የተከራዩትም ለራሳቸው ያበስላሉ። ከእነዚህ ተማሪዎች መካከል «በቀን ሁለት ጊዜ ብቻ እየበላሁ ለምን እወፍራለሁ?» የሚል ጥያቄ የሚያነሱ አሉ። መልሱ የሚገኘው ከምግቡ ብዛት ይልቅ በዓይነቱና በሰዓቱ ላይ ነው።

ለአብነት ቁመቷ 1.60 ሜትር፣ ክብደቷ 55 ኪሎ ግራም የሆነችና አብዛኛውን ቀን በትምህርትና በጥናት ተቀምጣ የምታሳልፍ ተማሪ እንውሰድ። ሰውነቷ በቀን 1,850 ኪሎ ካሎሪ አካባቢ ያስፈልገዋል። ጠዋት ክፍል እንዳይረፍድባት ሦስት የሻይ ማንኪያ ስኳር ያለው ሻይና አንድ ቦምቦሊኖ ትወስዳለች፤ ይህ ወደ 250 ኪሎ ካሎሪ ይሆናል። ከቀኑ 7 ሰዓት የምትበላው እርጥብ፣ ማለትም ዳቦ ውስጥ የተጨመረ የድንች ጥብስ፣ ወደ 550 ይጠጋል። ከዚያ በኋላ እስከ ምሽቱ 3 ሰዓት ምንም አትቀምስም። በዚያ ሰዓት ፓስታ በስልስ ከአንድ ዳቦ ጋር ትበላለች። ሲበስል ሁለት የሾርባ ማንኪያ ዘይት የገባበት ከሆነ ሳህኑ ከነዳቦው ወደ 950 ይደርሳል። አንድ ጠርሙስ ለስላሳ 125፣ ለማጥናት ስታመሽ የምትበላው ብስኩት ደግሞ 250 ይጨምራል። ድምሩ 2,125 ነው፤ ከሚያስፈልጋት በ275 ይበልጣል፤ ከግማሽ በላዩም የሚገባው ከምሽቱ 3 ሰዓት ወዲህ ነው። ልዩነቱ በአንድ ቀን አይታወቅም። በአራት ወር የትምህርት ጊዜ ግን ሁለት ወይም ሦስት ኪሎ ግራም ሊያስጨምር ይችላል።

በዚህ ዝርዝር ውስጥ ባቄላ፣ ምስር፣ ሽምብራ፣ እንቁላልም ሆነ አትክልት የለም። ዳቦ ከድንች፣ ፓስታ ከዳቦ ጋር ሲበላ ስታርች በስታርች ላይ ይደራረባል። እንዲህ ያለው ምግብ ሆድን ቶሎ ይሞላል፤ ሆኖም ፕሮቲኑና አሰሩ አነስተኛ ስለሆነ ጥጋቡ አይቆይም። ስምንት ሰዓት ሳይበላ የቆየ ሰው ደግሞ በፍጥነት ይበላል፤ መጥገቡን ከማወቁ በፊትም ሳህኑ ያልቃል። በጾም ወቅት እስከ ከሰዓት በኋላ ቆይተው በፓስታና በዳቦ ብቻ የሚፈስኩ ተማሪዎችም ተመሳሳይ ሁኔታ ያጋጥማቸዋል።

ምግብ መዝለል መፍትሔ አይሆንም፤ ችግሩን የፈጠረውም በከፊል ይኸው ነው። ከላይ በተጠቀሰው እራት ላይ ዳቦውን ትቶ ግማሽ ኩባያ የተቀቀለ ምስር በስልሱ ውስጥ መጨመር 150 ኪሎ ካሎሪ ይቀንሳል፤ በለስላሳው ምትክ ውኃ መጠጣት 125 ይቀንሳል። ሁለቱ ተደምረው ትርፉን በትክክል ያጠፋሉ፣ ጥጋቡም ይረዝማል። ምስር ከፓስታ መወደዱ እውነት ነው፤ ነገር ግን የአንድ ጠርሙስ ለስላሳ ዋጋ ለዚህ መጠን ይበቃል፤ አተር ክክ ወይም ሽሮም ሊተካው ይችላል። ምሳና እራት እጅግ በሚራራቁበት ቀን ከቀኑ 10 ሰዓት ገደማ አንድ እፍኝ ቆሎ ወይም የባቄላ ንፍሮ መብላት የምሽቱን ረኀብ ያበርዳል። ቆሎ በቦርሳ ለመያዝ ምቹ ሲሆን ማብሰል በተከለከለበት ማደሪያም ችግር አይፈጥርም።

ክብደት የጨመረ ሁሉ ከልክ በላይ ወፍሯል ማለት አይደለም። ኪሎ ግራሙ በሜትር በተለካ ቁመት ሁለት ጊዜ ተካፍሎ ውጤቱ ከ18.5 በታች ከሆነ ሰውየው ከሲታ ነው፤ ከዚህ ተነሥቶ መጨመር ማገገም እንጂ ችግር አይደለም። 25 እና ከዚያ በላይ ከልክ ያለፈ ክብደት ተብሎ ይመደባል። በምሳሌው የተጠቀሰችው ተማሪ ውጤት 21.5 ስለሆነ ሦስት ኪሎ ብትጨምርም በጤናማው ክልል ትቆያለች፤ በየመንፈቁ ይህንኑ ያህል ብትጨምር ግን በሁለተኛው ዓመት 25ን ታልፋለች። እጅና እግሩ ቀጭን ሆኖ ሆዱ የሚገፋ ተማሪ በዚህ ስሌት ላይታወቅ ስለሚችል ወገብን መለካት ይገባል፤ ለሴት 80፣ ለወንድ 94 ሴንቲ ሜትር እና ከዚያ በላይ ማስጠንቀቂያ ነው።

በጥቂት ቀናት ውስጥ የመጣ ክብደት ብዙውን ጊዜ ስብ አይደለም። ቅልጥም በአውራ ጣት ለጥቂት ሰከንዶች ሲጫን ጉድጓዱ የሚቆይ ከሆነ፣ ወይም ፊትና የዓይን ሽፋን ጠዋት የሚያብጥ ከሆነ፣ በሰውነት ውስጥ ፈሳሽ ተጠራቅሞ ሊሆን ስለሚችል ምግብ ከማስተካከል አስቀድሞ ወደ ግቢው ክሊኒክ ወይም በአቅራቢያ ወዳለ ጤና ጣቢያ መሄድ ያስፈልጋል። ከፍተኛ የውኃ ጥምና ሌሊት ደጋግሞ መሽናት የታየበት ተማሪ በደሙ ያለው የስኳር መጠን ሳይዘገይ ሊለካ ይገባል።