ሲሳሳት እንኳ ለጠላቂው የሚያደላ ሰዓት

የጠላቂ ሰዓት ያሰረ ሰው ካገኛችሁ መስታወቱን የከበበውን ቀለበት አዙሩት። ወደ ግራ ቀጭ ቀጭ እያለ ይዞራል፤ ወደ ቀኝ ግን ንቅንቅ አይልም። ተበላሽቶ እንዳይመስላችሁ፤ ሆን ተብሎ ነው።

ነገሩ የሚጀምረው በፈረንጆቹ 1950ዎቹ መጀመሪያ ነው። የስዊዘርላንዱን ሰዓት ሠሪ ብላንፓን የሚመራው ዣን ዣክ ፊሽተር በደቡብ ፈረንሳይ ባሕር ውስጥ ሲጠልቅ ጊዜውን ዘነጋና አየሩ አለቀበት። በጥድፊያ ወደ ላይ ወጥቶ ተረፈ። በ1953 «ፊፍቲ ፋተምስ» የተባለው ሰዓት ሲወጣ ቀለበቱ ወደ ታች ካልተጫኑት በቀር እንዳይዞር ተደርጎ ነበር። የአንድ አቅጣጫው ቀለበት የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ከሥሩ ያለች ስፕሪንግ በአንድ ወገን ባዘነበሉ ጥርሶች ላይ ወደ ግራ ታሳልፈዋለች፤ ወደ ቀኝ ሲሄድ ግን ትይዘዋለች።

አጠቃቀሙ ቀላል ነው። ጠላቂው ሊገባ ሲል የቀለበቱን ሦስት ማዕዘን ምልክት ከደቂቃ ቆጣሪው ጋር ያስተካክላል። ከዚያ ቆጣሪው ይሄዳል፣ ቀለበቱ ይቆማል፤ ቆጣሪው የደረሰበት የቀለበቱ ቁጥር ውሃ ውስጥ ያለፈው ደቂቃ ነው።

በምሳሌ እንየው። ባለ 12 ሊትር ሲሊንደር በ200 ባር ሲሞላ ወደ 2,400 ሊትር አየር ይይዛል። ጠላቂው ላይ ላዩን በደቂቃ 20 ሊትር የሚተነፍስ ከሆነ፣ 20 ሜትር ጥልቀት ላይ ግፊቱ ሦስት እጥፍ ስለሚሆን በደቂቃ 60 ሊትር ይጨርሳል። 600 ሊትር ለመጠባበቂያ ቢተው 30 ደቂቃ ይቀረዋል።

አሁን 20 ደቂቃ አልፏል እንበል፤ ቀለበቱ ከድንጋይ ጋር ተጋጭቶ በአምስት ደቂቃ ተንሸራተተ። ወደ ቀኝ ቢሆን ሰዓቱ 15 ብቻ ያነብባል። ጠላቂው አምስት ደቂቃ ተርፎኛል ብሎ ይቆያል፤ 300 ሊትር፣ ማለትም የመጠባበቂያውን ግማሽ ይበላል። ደሙ ውስጥ የሚገባው ናይትሮጂንም ይጨምራል። ወደ ግራ ቢሆን ግን ሰዓቱ 25 ያነብባል። ጠላቂው አምስት ደቂቃ ቀድሞ ይወጣል፤ የሚያጣው የዓሣውን ትርዒት ብቻ ነው።

ስለዚህ ጥርሱ ስህተትን አይከለክልም፤ የስህተቱን አቅጣጫ ይመርጣል እንጂ። የጠላቂ ሰዓት ዓለም አቀፍ መስፈርት የሆነው አይኤስኦ 6425ም ቀለበቱ ሳይታሰብ እንዳይዞር ጥበቃ እንዲኖረው ያስገድዳል።

ወሰንም አለው። ቀለበቱ ከ60 ደቂቃ በላይ አይቆጥርም፤ ጥልቀትንም የቀረ አየርንም አያውቅም። መንሸራተቱን ለማወቅ የጓደኛን ሰዓትና የአየር ግፊት መለኪያውን ማየት ያስፈልጋል። ሁለቱ ካልተስማሙ የሚታመነው ቶሎ ውጣ የሚለው ነው።